«እጄን ስዘረጋ ፊቷን ታዞራለች»

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 7 ዓመት ሆነን፤ የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ወር ሴት ልጅ አሉን። ትንሿ ገና ትጠባለች፣ የምትተኛውም መሃላችን ነው። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እናቴ ሳሎን ትተኛለች። ሁለታችንም ሥራ እንውላለን። ትንሿ ከተወለደች ወዲህ ባለቤቴ ለግንኙነት ፍላጎት የላትም። በወር አንዴ ቢሆን ነው፣ እሱም ጨቅጭቄያት። እጄን ስዘረጋ ፊቷን ታዞራለች። ወይ ደክሞኛል፣ ወይ ጾም ነው ትላለች። ለመነጋገር ስንሞክር በጠብ ያልቃል። ጠልታኝ ነው? ሌላ ሰው ይዛ ይሆን? እንዴት ብዬ ላናግራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሌላ ሰው የጠየቅከውን ቶሎ መልሼ ልለፈው። ከጻፍከው ውስጥ ወደዚያ የሚወስድ አንድም ነገር አላየሁም። ይህን ጥርጣሬ በሆድህ ይዘህ ለወሬ ከተቀመጥክ ግን ከአፍህ ባይወጣም ፊትህ ላይ ይነበባል። እሷም መልስ የምትሰጠው ለፊትህ ነው። ስለዚህ ለጊዜው አስቀምጠውና አንተ ያልጠየቅከውን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ግንኙነት ስታደርጉ ያማታል?

ብዙ ባሎች ለዚህ መልስ የላቸውም። ሚስቶቹም ሳይጠየቁ አይናገሩም። የምታጠባ እናት ሰውነት ውስጥ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን የሚባለው፣ ከፍ ይላል። እሱ ከፍ ሲል ኢስትሮጅን ይቀንሳል። ኢስትሮጅን ሲቀንስ ደግሞ የሴቷ ብልት ውስጠኛ ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል። የወር አበባ የሚቋረጥባቸው ሴቶች ላይ የምናየው ድርቀት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የአጥቢዋ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። ያ ቦታ ደርቆ ሳለ ግንኙነት ሲደረግ ያቃጥላል። አንዴ ያቃጠለው ሰውነት በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነካ ይኮማተራል፣ መኮማተሩ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። ሴትየዋ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ታሳጥረዋለች፦ «ደክሞኛል።»

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ መሆናቸውን መዝግቧል። ግርዛት፣ በወሊድ ጊዜ የተቀደደና የተሰፋ ቦታ፣ ድርቀት ሲደራረቡ ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ድርቀቱ ብቻ ከሆነ ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጥ፣ ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ብዙ ይረዳል። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቫዝሊንና ዘይት አይሆኑም፤ ጎማውን ያበላሹታል። ከጄሉም በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ማየት አለበት እንጂ «ይለመዳል» ተብሎ አይታለፍም።

ሁለተኛው ነገር የእርግዝና ፍርሃት ነው። ምን እንደምትጠቀሙ አልጻፍክልኝም። ማጥባት ብቻውን እርግዝናን የሚከላከለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ከጡት ሌላ ምግብ ሳይጀምር፣ የእናቲቱም የወር አበባ ሳይመለስ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ መሆን አለባቸው። ልጃችሁ 9 ወሯ ነው፣ ስለዚህ ያ መከላከያ አልቋል። ባለቤትህ ይህን ታውቅ ይሆናል። በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሦስተኛ ልጅ ልታረግዝ የምትችል ሴት ባሏ እጁን ሲዘረጋ የሚታያት ፍቅር ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል የሦስት ወሩን መርፌ የምትወጋ ከሆነ አንዳንድ ሴቶች ፍላጎታቸው እንደቀነሰ ይነግሩናል። ሁሉም ላይ አይደርስም። መርፌውን የጀመረችው ፍላጎቷ በቀነሰበት ጊዜ ከሆነ ግን ባለሙያ ጋር ቀርቦ ስለ ሌላ ዘዴ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌላ ሳይተኩ ማቋረጥ ግን ፍርሃቱን መልሶ ማምጣት ነው።

እሺ፣ ሰውነቷ ደኅና ነው እንበል። አሁንም የፍላጎታችሁ ልዩነት ይኖራል። እዚህ ጋ ባሎች (አንዳንዴም ሚስቶች፣ ተገላቢጦሹን ብዙ አይቻለሁ) የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ፍላጎት ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ሮዝማሪ ባሶን የምትባል ካናዳዊት ሐኪም በ2000 እ.ኤ.አ. ይህን በደንብ አስረድታለች። አንዳንድ ሰው እርቦት ወደ ማዕድ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ሳይርበው ይቀመጥና የወጡ ሽታ ሲያውደው፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ሲቀምስ ምግብ ፍላጎቱ ይከፈታል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። አንተ የመጀመሪያው ዓይነት ትመስለኛለህ። እሷ ምናልባት ሁለተኛው ዓይነት ነች፤ ከመጋባታችሁ በፊትም እንደዚያው ሆና ይሆናል፤ ያኔ ግን ሽታው ቀኑን ሙሉ ነበር። ስልኩ፣ ቀጠሮው፣ መንገድ ላይ እጅ መያዙ። አሁን የሚቀርብላት ጥያቄ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ «እራበሽ ወይ?» የሚል ብቻ ነው። መልሱ «አልራበኝም» ቢሆን ዋሽታ አይደለም።

በዚያ ላይ ፍሬን አለ። የፍላጎት ጉዳይ በነዳጅ ብቻ አይሄድም። ልጅቷ መሃላችሁ ነች። እናትህ ከአንዲት ስስ ግድግዳ ማዶ ናቸው። አልጋው ይንቋቋል። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ትነሳለች። እነዚህ ሁሉ የተረገጡ ፍሬኖች ናቸው። ፍሬን እንደተረገጠ ነዳጅ ብትጨምር መኪናው ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ጭቅጭቅህ ያ ጩኸት ነው።

አሁን ስለ ንግግሩ። እዚህ ጋ አንድ ባልና ሚስት ላንሳልህ። እንዳይታወቁ ብዙ ነገራቸውን ቀይሬዋለሁ። ሰውየው ሒሳብ ሠራተኛ ነበር፣ ሙያው አልለቀቀውም መሰለኝ በስልኩ ካላንደር ላይ ግንኙነት ያደረጉባቸውን ቀኖች ምልክት ያደርግ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ቢሮዬ ሲመጡ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። «ይኸው፣ በአራት ወር ስድስት ጊዜ።» ሚስቱ ስልኩን አላየችም ነበር፤ እዚያው አየችው። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን አገኘኋት። የነገረችኝ ይህ ነው። ማታ ማታ ዕቃ የምታጥበው እሱ እስኪተኛ ነው። የታጠበውን ድስት ደግማ ያጠበችበት ቀን አለ። ከሥራ ሲገባ ታቅፈው ነበር፣ ተወችው። ለምን ስላት፣ «ካቀፍኩት ማታ ይቆጥረዋል» አለችኝ። ሶፋ ላይ አጠገቡ አትቀመጥም። ልጁን መሃል ታደርጋለች። ይህችን ሴት ጠልታዋለች ትላለህ? እቅፉ ናፍቋታል። ግን እያንዳንዱ እቅፍ የማታው ጥያቄ ቀብድ ሆነባት። ቀብድ ላለመቀበል እቅፉንም ተወችው። እሱ ደግሞ እቅፉም ስለቀረበት ይበልጥ ተራበ፣ ይበልጥ ጠየቀ። እሷ ይበልጥ ራቀች። ማን እንደጀመረው ብትጠይቅ ሁለቱም የሌላውን ስም ይጠራሉ፣ ሁለቱም ከራሳቸው በኩል ሲታይ ልክ ናቸው።

ስለዚህ ንግግሩ ሊፈታ የሚገባው ይህን ቋጠሮ ነው። በወር ስንት ጊዜ የሚለውን አይደለም። ቁጥር ይዘህ ከጀመርክ ድርድር ይሆናል፤ በድርድር የተገኘ ደግሞ ደረሰኝ የሚጠየቅበት ነገር ነው።

መቼ እንደምታነሳው ከምትለው እኩል ይጠቅማል። አልጋ ላይ አይሁን። እምቢ ከተባልክ በኋላ ባለው ሰዓት አይሁን፤ ያኔ የሚናገረው ቁስሉ ነው። ሁለት ቢራ ከጠጣህ በኋላም አይሁን። ልጆቹን እናትህ ይያዙና ቅዳሜ ከሰዓት ወክ ውጡ። ጎን ለጎን ሲሄዱ ማውራት ይቀላል፣ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም። ከ20 ደቂቃ አታስረዝሙት። ወሬው ሲረዝም ወደ 2010 ዓ.ም. ሠርግና ወደ እህትሽ ነገር መሄዱ አይቀርም።

አንድ ችግር አለብን፣ ሳልናገረው ባልፍ ልክ አይሆንም። በአማርኛ ለዚህ ነገር በቤት ውስጥ የሚነገር ቃል የለንም ማለት ይቻላል። አንዱ የሐኪም ቤት ነው፣ አንዱ ስድብ ነው፣ ቀሪው «ያ ነገር» ነው። «ግንኙነት» ስትላት የጤና ጣቢያ ፖስተር ትመስላለህ። ብዙ ጥንዶች የራሳቸው የሆነ ቃል አላቸው፣ የጫጉላ ጊዜ ቀልድ የነበረ። ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ «እንትን» ይበቃል። ቃሉ ራሱ ካሳቃችሁ እንዲያውም ጥሩ ጅምር ነው።

የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ግን አስቀድመህ አዘጋጀው። ያ ሒሳብ ሠራተኛ ቢሮዬ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጀመረው። የመጀመሪያው፣ «አንቺ መቼም ሁልጊዜ ምክንያት አታጪም» ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ለስለስ ያለ፣ «እኔኮ ወንድ ነኝ፣ ተረጂኝ» የሚል። ይህ ደግሞ ልመና ይመስላል እንጂ ውስጡ ክስ አለ፤ እሷ ያልተረዳች ሴት ሆነች። ሦስተኛውን አብረን ሠራነው፦ «ይኸውልሽ፣ ይህን የማነሳው ዛሬ ማታ እንትን እንዲኖር ፈልጌ አይደለም። ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። ልጁ ከተወለደ ወዲህ የተራራቅን መስሎኝ ከፍቶኛል። በአንቺ በኩል እንዴት እንደሆነ ልስማሽ ብዬ ነው።» ልዩነቱን ተመልከት። «ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም» የሚለው ትከሻዋን ያወርደዋል። ከዚያ የሚናገረው ስለ ራሱ ስሜት ነው፣ ስለ እሷ ጉድለት አይደለም። መጨረሻው እውነተኛ ጥያቄ ነው። «ለምን አትፈልጊም?» ግን ጥያቄ አይደለም፣ የፖሊስ ቃል መቀበያ ነው።

ከዚያ ዝም ማለት አለብህ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ምናልባት የምትሰማው ደስ አይልህም። «እናትህ ቤት ውስጥ እያሉ አልችልም» ልትል ትችላለች። «ገላህን ሳትታጠብ ትመጣለህ» ልትል ትችላለች። «ቀን ሙሉ ልጅ ሰውነቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ማታ የሚነካኝ ሰው አልፈልግም» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። እናትህን ለመከላከል እንዳትቸኩል። የሰማኸውን በራስህ አማርኛ መልሰህ ንገራት፦ «ስለዚህ ማታ ስነካሽ ሌላ ሥራ የመጣብሽ ይመስልሻል ማለት ነው?» እንደዚያ ነው ካለች ለመጀመሪያው ቀን ብዙ ሄዳችኋል። አይደለም ካለች ታርምሃለች፣ ያም ጥሩ ነው።

ያንተ ተራ ሲደርስ እምቢ ስትባል ውስጥህ ምን እንደሚሆን ንገራት። «ሰውነቴ ይፈልጋል» ማለት ብቻ አይደለም፤ እሱን ታውቀዋለች። ያ ሰውዬ በመጨረሻ ያለው፣ «ፊትሽን ስታዞሪ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ የሆንኩ ይመስለኛል» ነበር። ሚስቱ ይህን በስድስት ዓመት ሰምታው አታውቅም። እሷ የምታውቀው የተናደደ ባል ነው።

ከንግግሩ በኋላ ለእነዚህ ሰዎች የሰጠኋቸው ነገር አዲስ አይደለም። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1970 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት የሕክምና ዘዴ የመጣ ነው። ለሦስት ሳምንት ግንኙነት የለም። በስምምነት፣ ሁለቱም አውቀውት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ልብስ እንደፈለጉት፣ ተራ በተራ መዳሰስ ብቻ። ጀርባ፣ ራስ፣ እጅ፣ እግር። ጡትና ብልት አይነኩም። የሚዳስሰው ሰው ዝም ይላል፣ የሚዳሰሰው ሰው «ቀስ»፣ «እዚያው»፣ «ይብቃ» ይላል። ዓላማው አንድ ነው፦ ንክኪ ቀብድ መሆኑ ይቅር። ነገ ጥያቄ እንደማይከተል ስታውቅ እቅፉ ይመለሳል።

የሚበላሸው የት እንደሆነም ልንገርህ፣ ሁሌም አንድ ቦታ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ሞቅ ሲል ባልየው «አሁንማ ደስ ብሏታል» ብሎ ይሻገራል። እሷም ላለማስከፋት ዝም ትላለች። በማግስቱ ዕቃ ማጠቡ ይመለሳል። የእኔም ሰዎች እንዲሁ ሆኑ። ከዜሮ ጀመርን። ቃል ካፈረስክ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳምንቱን እንደገና እንጀምር» በል፣ «አንቺም ፈልገሽ ነበር» አትበል። ቤታችሁ ውስጥ ይህን ለማድረግ ልጅቷን ወደ ሕፃን አልጋ ማዛወር ይኖርባችሁ ይሆናል። እናትህም ቅዳሜ ጠዋት ወንዱን ልጅ ይዘው ወደ እህትህ ቤት ቢሄዱ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም።

ሌላው እምቢታን የመናገርና የመቀበል ጉዳይ ነው። እሷ «ዛሬ አልችልም» ካለች ከጀርባው አንድ ነገር ታስከትል፦ «ዛሬ አልችልም፣ ግን ና እቀፈኝና እንተኛ» ወይም «እሁድ ከሰዓት ይሻለኛል»። አንተም እምቢ ስትባል ፊትህን ወደ ግድግዳ አታዙር፣ በማግስቱ ጠዋት አታኩርፍ። እምቢታ ዋጋ ካስከፈላት እሺታዋም ፍርሃት ይሆናል። በፍርሃት የተገኘ እሺታ ደግሞ ሕመሙን፣ ድርቀቱን፣ ሽሽቱን እንደገና ያመጣል። መቼም ቢሆን በጉልበት ወይም በማስፈራራት ወደዚያ ተደርሶ ከሆነ ይህ የፍላጎት አለመመጣጠን አይደለም፣ ከላይ ያልኩትም ሁሉ አይሠራም። መጀመሪያ እሷ ደኅንነት ሊኖራት ይገባል፣ ብቻዋንም ባለሙያ ልታገኝ ይገባል።

ስለ ጾሙ። እምነቷን የምትጠብቅ ሴት ከሆነች አክብርላት፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ጾም ግን ለአንዳንድ ሴቶች ሳይጣሉ እምቢ የሚሉበት ብቸኛ በር ይሆናል። ሌላ በር ሲከፈትላት በጾም መጠለሏ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባልና ሚስት የሚከለከሉት ተስማምተው፣ ለጊዜው ነው ይላል። ይህን ጥቅስ ግን ይዘህባት እንዳትሄድ! ለሁለታችሁም ነው የተጻፈው። አጽዋማቱን አብራችሁ ካላንደር ላይ አይታችሁ ተስማሙ። ሽማግሌ መጥራትም አያስፈልግም፤ ይህ ወሬ አንዴ ሳሎን ከወጣ ተመልሶ መኝታ ቤት አይገባም።

የነዚያ ሰዎች ልዩነት አልጠፋም። እሱ አሁንም ከእሷ ይበልጥ ይፈልጋል፣ ያንተም ልዩነት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል አልልህም። በአምስተኛው ወር ግን ሲመጡ ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ፣ ካላንደሩን ስጠይቀው «አጠፋሁት» አለኝ። እሷ «መቼ?» ብላ ሳቀችበት።

አንተ ግን ከወሬው በፊት አንድ ሥራ አለህ። ትንሿ 9 ወሯ ስለሆነ የኩፍኝ ክትባቷ ደርሷል። ጤና ጣቢያው ውስጥ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከክትባቱ ክፍል ብዙም አይርቅም። ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅድና አብረሃት ሂድ። ልጅቷን አንተ ይዘህ ተሰለፍ፣ እሷ ገብታ ስለ ሕመምና ስለ እርግዝና መከላከያ ብቻዋን ትጠይቅ። ስትወጣ ምን አሉሽ ብለህ አታፋጥጣት፤ ከፈለገች መንገድ ላይ ትነግርሃለች።